«ደቻቱ ሞላ» የሚል ፎቶ ሲደርስዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለልምምድ ስለ ድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ እንዲህ ያለ መልእክት ደረሰዎ እንበል፦ «ሰበር! ዛሬ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰፈሩን ጠርጎ ወሰደ። ለሁሉም ሼር አድርጉ!» ከጽሑፉ በላይ ድፍርስ ጎርፍ ያፈራረሰው ቤትና ጭቃ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ይታያሉ።

ፎቶው እውነተኛ ስለሆነ ብቻ ወሬውን ማመን

የድሬዳዋ ሰው ጎርፍን በወሬ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አሉ። ስለዚህ የደረሰዎ ፎቶ በእርግጥ የድሬዳዋ ሊሆን ይችላል፤ ውሸቱ ያለው «ዛሬ ሌሊት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሰፈሩን ማወቅዎ የጊዜውን ጥያቄ አይመልስም።

የፋይሉን ስም እንደ ማስረጃ መያዝ

በዋትስአፕ የመጣ ፎቶ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲቀመጥ `IMG-20240810-WA0007` የሚመስል ስም ይይዛል። ቁጥሩ የፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ቀን ነው። የሚነግርዎ ግን ፎቶው ስልክዎ የገባበትን ቀን እንጂ የተነሳበትን አይደለም። የሃያ ዓመት ፎቶም ዛሬ ቢላክልዎ የዛሬን ቀን ይዞ ይቀመጣል።

ስክሪን ሾቱን ከነጽሑፉ መፈለግ

ፎቶውን ሲፈልጉ «ሰበር» የሚለው ጽሑፍ፣ የግሩፑ ስምና የስልኩ ሰዓት አብረው ከገቡ ፍለጋው በእነሱ ይሳሳታል። መጀመሪያ ፎቶውን ብቻ እንዲቀር አድርገው ይቁረጡት። ከዚያ በ`Google Lens` ይክፈቱትና `Exact matches` የሚለውን ይጫኑ፤ አለበለዚያ «የሚመሳሰል» እያለ የሌላ አገር ጎርፍ ይደረድርልዎታል። `TinEye` ላይም ይሞክሩት፤ እሱ ውጤቱን `Oldest` በሚለው ከጥንቱ ጀምሮ ያሰልፍልዎታል። የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፤ ፎቶው መጀመሪያ የታየበትን ቀን። ቪዲዮ ከሆነ ሦስት አራት ቦታ ላይ አቁመው ስክሪን ሾት ያንሱና እያንዳንዱን ለየብቻ ይፈልጉ።

የፈረንጁን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

እኛን ከሌላው በተለየ የሚያሳስተን ይህ ነው። ፍለጋው `Aug 2006` የሚል ገጽ ቢያወጣ፣ ብዙ ሰው «የ2006 ዓ.ም. ጎርፍ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሌላው ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ አንድ ውሸት ሲታረም ሌላ ተወለደ ማለት ነው። የፈረንጆቹ ኦገስት 2006 ሐምሌና ነሐሴ 1998 ላይ ይውላል፤ ያ ገጽ የሚናገረው ስለዚያው ትልቅ ጎርፍ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ከሆነ 8 ይቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7። ይሞክሩት፦ `Oct 2019` እና `Feb 2020` በእኛ ስንት ናቸው? ሁለቱም 2012 ናቸው። የተለያየ ዓመት ከመሰለዎ ከአንዱ የቀነሱት ቁጥር ስህተት ነው።

«ምንም አልተገኘም» ማለትን «አዲስ ነው» ብሎ መተርጎም

በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብቻ የዞረ ፎቶ የፍለጋ ገጾች ላይ ላይኖር ይችላል። ግራ ቀኙ የተገለበጠ ፎቶም ፍለጋውን ሊያመልጥ ስለሚችል፣ መልሰው ይገልብጡትና አንዴ ይፈልጉ። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያለው ፊደል ወደ ኋላ የተጻፈ ከመሰለ መገልበጡን ያውቃሉ። ይህን ሁሉ አድርገው ካልተገኘ፣ መልሱ «አልታወቀም» ነው። ያኔ ከወንዙ አጠገብ ለሚኖር ዘመድ ደውሎ «አሁን ከደጅህ ምን ይታይሃል?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ፍለጋ ይበልጣል። «ሰምተሃል ወይ?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ እሱም ያው መልእክት ደርሶት ሊሆን ይችላል።

«ከተማው ውስጥ አልዘነበም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ማለት

ወሬ መጣራት አለበት ስንል ሰው ወደዚህኛው ጫፍ እንዳይሄድ እንሰጋለን፤ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነውና። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚነሳው ከከተማው በስተደቡብ ካለው ደጋ ስለሆነ፣ ከላይ ሲዘንብ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ሊደርስ ይችላል። በደረቅ ሰማይ የመጣ ማስጠንቀቂያ በዚህ ብቻ ውሸት አይባልም።

ስለዚህ ሁለቱን ይለዩ። መልእክቱ «ጎርፍ መጣ፣ ከወንዙ ውጡ» የሚል ከሆነና እርስዎ ወይም ልጆችዎ አሸዋው ላይ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ወደ ከፍታ ውጡ፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይሆናል። መልእክቱ «ትናንት ይህን ያህል ሰው ሞተ» የሚል ከሆነ ግን የሚያጣድፍዎ ነገር የለም፤ ቆርጠው ይፈልጉት፣ ዓመቱን ያስሉ። አሮጌ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ለላከልዎ ሰው ለብቻው «ይህ የ1998ቱ ፎቶ ነው» ብለው ያገኙትን ገጽ ይላኩለት፤ ፎቶውን ግሩፕ ላይ ደግመው አይለጥፉት።