ራሱን ለሳተ የስኳር ህመምተኛ ግሉካጎን ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግሉካጎን ስኳሩ በጣም ወርዶ ራሱን ለሳተ የስኳር ህመምተኛ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ሁለት ነገር ይገኝበታል፦ ጥቂት ነጭ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ እና ፈሳሽ የተሞላ ሲሪንጅ። የደነገጠ ቤተሰብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሲሪንጁ ላይ ነው። ተሞልቷል፣ መርፌ አለው፣ ለመውጋት የተዘጋጀ ይመስላል። አንስተው ይወጋሉ፣ ከዚያ "መድኃኒቱን ሰጥተነዋል" ብለው ይጠብቃሉ። የወጉት ግን ውሃ ነው። መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ እንደ ደረቀ ቀርቷል፣ በሽተኛውም አይነቃም።

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይህ ነው። የወጋው ሰው እንደተሳሳተ የሚነግረው ምንም ምልክት የለም፤ ደቂቃዎቹ ግን ያልፋሉ። ዱቄቱና ውሃው ተለያይተው የሚቀመጡት ግሉካጎን ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በጥብጦ ማስቀመጥም አይቻልም፤ የሚበጠበጠው በዚያችው ሰዓት ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋና ተዘጋጅቶ የሚመጣ ግሉካጎንም አለ፤ እነሱ መበጥበጥ አያስፈልጋቸውም። ቤትዎ ያለው የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ይዩ።

የሚበጠበጠው ዓይነት ከሆነ፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ያንሱ። ከሥሩ ያለውን ጎማ ግን አይንኩት። የመርፌውን ሽፋን አውልቀው መርፌውን በጎማው መሐል ይስኩና ውሃውን አንድም ሳያስቀሩ ወደ ዱቄቱ ይግፉት። ከዚያ ብልቃጡን በጣቶችዎ ይዘው ቀስ እያሉ ያዙሩት። በኃይል ከናጡት አረፋ ይሞላና መሳቡ ያስቸግርዎታል። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ እንደ ንጹህ ውሃ ጥርት ማለት አለበት። ከደፈረሰ፣ ከረጋ ወይም ውስጡ ብናኝ ከታየ አይሰጥም።

ሲስቡት ሌላ ስህተት ይመጣል። ብልቃጡ ሲገለበጥ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይወርዳል። መርፌው ጠልቆ ከገባ ጫፉ ከፈሳሹ በላይ ስለሚሆን የሚስበው አየር ነው። ሲሪንጁ "ተሞልቷል"፣ ግማሹ ግን ባዶ ነው። ጫፉ ፈሳሹ ውስጥ እስኪሆን መርፌውን ትንሽ ወደ ውጭ ይሳቡት። የቀረች ትንሽ አረፋ ካለች በጣት መታ መታ አድርገው ወደ ብልቃጡ ይመልሷት፤ ጡንቻ ላይ ስለሚወጋ ለእሷ ብለው ጊዜ አያጥፉ። በአንዳንድ ሳጥን ውስጥ ያለው ሲሪንጅ መግፊያው ተስቦ እንዳይወጣ የሚይዝ የፕላስቲክ ማቆሚያ አለው፤ አይንቀሉት።

የሚወጋው የጭኑ የውጭ ጎን መሐሉ ላይ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገው ነው። የላይኛው ክንድም ይሆናል። የደም ሥር መፈለግ አያስፈልግም። መርፌው እስከ መጨረሻው ይግባ፣ መድኃኒቱ በሙሉ ይገፋ።

የመጠኑ ጉዳይ ሕፃናት ላይ ያደናግራል። ለአዋቂና ለትልቅ ልጅ ሙሉው 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለትንሽ ልጅ ግማሹ ነው። መለያው ክብደት በአንዱ አምራች 25 ኪሎ፣ በሌላው 20 ኪሎ ስለሆነ የሳጥኑን ወረቀት አስቀድመው አንብበው ለልጅዎ የሚሰጠውን መጠን ክዳኑ ላይ በትልቁ ይጻፉት። 17 ኪሎ የምትመዝን የአራት ዓመት ልጅ ራሷን ሳተች እንበል። በሁለቱም መለያ ግማሽ ነው የሚሰጣት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግማሹን ውሃ ብቻ ብልቃጡ ውስጥ በመጨመር ነው። እንዲያ ሲሆን መድኃኒቱ ሁሉ በግማሹ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ልጅቷም ሙሉውን መጠን ትወስዳለች። ትክክሉ፦ ውሃው ሁልጊዜ በሙሉ ይገባል፣ ከተበጠበጠ በኋላ እስከ 0.5 ምልክት ድረስ ብቻ ይሳባል። የተረፈው ለኋላ አይቀመጥም። መጠኑ ቢበዛ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይብሳል እንጂ፣ ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው ጨርሶ ሳይሰጡ መቆየት ነው።

ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ስኳር፣ ማር፣ ጭማቂ፣ ምንም አይጨመርም። መዋጥ ስለማይችል ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ይገባል።

የስኳር መለኪያ ፍለጋ ቤቱን ማተራመስም ጊዜ መግደል ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ተቀስቅሶ ካልነቃ ወይም እየተንዘፈዘፈ ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ብለው ይስጡት። ኢንሱሊን ግን በፍጹም አይውጉት።

ከወጉ በኋላ በጀርባው አያስተኙት። ግሉካጎን ያስመልሳል፤ ስለዚህ በጎኑ ያጋድሙት፣ አንድ ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ። የወጉበትን ሰዓት ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ በ15 ደቂቃ ውስጥ መንቃት ይጀምራል። ካልነቃና ሁለተኛ ሳጥን ካለ እንደገና ይሰጣል። ግሉካጎን ራሱ ስኳር አይደለም፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ክምችቱ ካለቀ የሚለቀቅ ነገር የለም፦ ብዙ ሰዓት ያልበላ ወይም አልኮል በብዛት የጠጣ ሰው ላይ መድኃኒቱ በትክክል ተበጥብጦ፣ በትክክል ተወግቶ ላይሠራ ይችላል። እነሱን የሚያነቃው በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ነው። አምቡላንሱ "እስኪ እንየው" ተብሎ የማይዘገየው ለዚህ ነው።

ሲነቃ ደግሞ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጉበቱ ያለውን አውጥቶ ጨርሷል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና እየሠራ ነው፤ ካልበላ ተመልሶ ይወርዳል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ሲችል መጀመሪያ ስኳር ያለው መጠጥ በትንሽ በትንሹ፣ ማቅለሽለሹ ጋብ ሲል ጠገብ የሚያደርግ ምግብ ይስጡት። ስኳሩንም ደጋግመው ይለኩ። ኢንሱሊን ሳይሆን ግሊቤንክላማይድን የመሰለ እንክብል የሚወስድ ከሆነ ቢነቃም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ እንክብሉ ለረጅም ሰዓት ስኳርን ማውረዱን ይቀጥላል።

ማን ይያዝ? ኢንሱሊን የሚወስድ ሁሉ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ የሚያውቅና ስኳሩ ሲወርድ ላብና መንቀጥቀጥ የማይሰማው ሰው ደግሞ ከማንም በፊት። ፌዮክሮሞሳይቶማ ወይም ኢንሱሊኖማ የሚባል ዕጢ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይያዘው። ስህተቱ ሳጥኑን በሽተኛው ብቻ የሚያውቀው ቦርሳ ውስጥ መደበቅ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ አይወጋም። አብሮት የሚያድረው፣ አብሮት የሚሠራው፣ የልጁ መምህር የት እንዳለ ይወቁ።

ጊዜው ያለፈበትን ሳጥን ወዲያው አይጣሉት። አዲሱን ከገዙ በኋላ አሮጌውን ለእነዚሁ ሰዎች ሰጥተው ውሃውን ወደ ብልቃጡ እንዲገፉ፣ እንዲበጠብጡ፣ ገልብጠው እንዲስቡ ያድርጉ። ከዚያ መርፌውን ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ከተው ያስወግዱት።