ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ግሥ፦ ሂደትና ክንውን ሲምታቱ

ፈላስፋው ዜኖ ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1957 ግሦችን በአራት ከፈላቸው። «ያውቃል»ና «ይወዳል» ሁኔታ ናቸው። «ሮጠ»ና «ዋኘ» ሂደት ናቸው። «አንድ ደብዳቤ ጻፈ» ክንውን ነው። «ደረሰ»ና «አገኘ» ደግሞ ቅጽበት ናቸው። እነዚህን የአማርኛ ስሞች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሌላ ቢላቸው አልከራከርም።

ሁኔታና ቅጽበት ብዙም አያስቸግሩም። ሰውን የሚያደክመው መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ሂደትም ክንውንም ጊዜ ይወስዳሉ። ልዩነታቸው ክንውን «አለቀ» የሚባልበት ነጥብ ያለው መሆኑ ነው። ደብዳቤው ሲያልቅ መጻፉም ያልቃል። ሩጫ ግን ሯጩ ሲደክመው ይቆማል እንጂ በራሱ አያልቅም። መጨረሻ ያለውን ቴሊክ፣ የሌለውን አቴሊክ ይሉታል።

መለያው በመጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ» ከተስማማው ሂደት፣ «በሁለት ሰዓት ውስጥ» ከተስማማው ክንውን። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ግሦቹን በየክፍላቸው የምንመዘግብበት ሠንጠረዥ ይበላሻል። እኔ የመጀመሪያውን ሠንጠረዤን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። የተበላሸባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ምልክት፦ ሁሉም ግሥ «በሁለት ሰዓት» ይቀበላል

«ከበደ በሁለት ሰዓት ሮጠ» ብዬ ጠየቅሁ። «ትክክል ነው» አሉኝ። «በሁለት ሰዓት ተኛ»፣ ትክክል። «በሁለት ሰዓት ደረሰ»፣ ትክክል። ታዲያ ሁሉም ክንውን ነው ማለት ነው?

ጥፋቱ የግሡ አይደለም፤ የሰዓታችን ነው። «በሁለት ሰዓት» ሲባል ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ጠዋት ቁርስ የሚበላበትን ሰዓት ነው፤ የጊዜ ርዝመት አይታየውም። «ለ»ም ያው ናት። «ለሁለት ሰዓት ቀጠረኝ» ሲባል ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ነው የሚነገረን።

ስለዚህ ቃሉን ለውጡ። ለርዝመት «ሁለት ሰዓት ሙሉ» በሉ። «ሙሉ» ካለች ማንም የግድግዳ ሰዓት አያይም። ለፍጻሜ ደግሞ «ውስጥ»ን ጨምሩ፤ ግሡንም ባለፈ ጊዜ አድርጉት። «በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሮጣል» ካላችሁ «ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጀምራል» ማለትም ሊሆን ይችላልና።

እኔ ከሁሉ የምወደው ፈተና «ፈጀበት» ነው። «ደብዳቤውን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀበት» ጆሮ ላይ ያርፋል። «ለመሮጥ ሁለት ሰዓት ፈጀበት» ሲባል ግን ሰሚው «ምን ያህል ርቀት?» ይላል፤ ወይም ጫማውን ሲያስር ሁለት ሰዓት የፈጀ ሰው ይታየዋል። ያ «ምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ነው። ግሡ መጨረሻ ጎድሎታል።

ምልክት፦ «ሮጠ» ሂደት ነው ብዬ መዘገብኩ፤ ነገ ክንውን ሆኖ ተገኘ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። «አበበ ሮጠ» ብቻ ብንል ሂደት ነው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሮጠ» ያስኬዳል፤ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ሮጠ» ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል። «ማራቶኑን ሮጠ» ስንል ነገሩ ይገለበጣል። «ማራቶኑን ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሮጠ» እንከን የለውም። ግሡ ያው «ሮጠ» ነው። የተለወጠው አጠገቡ ያለው ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መጣና መጨረሻውን አበጀለት።

ምክንያቱ ይኸው ነው። መጨረሻ የሚኖረው ግሡ ከነተሳቢው፣ ከነርቀቱ፣ ከነመድረሻው ሲታይ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ የመጀመሪያ አምድ ላይ ባዶ ግሥ አትጻፉ። «ሮጠ»፣ «ማራቶኑን ሮጠ»፣ «እስከ ቤቱ ሮጠ» ሦስት የተለያዩ መስመሮች ናቸው።

እርግጠኛ ለመሆን የማቋረጥ ፈተናን ጨምሩ። ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ «ተደርጓል» ይባላል ወይስ አይባልም? ለዚህ ደግሞ ያው አበበ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮው ኦሊምፒክ ማራቶኑን ጀመረ፤ ግን ጉዳት ስለነበረበት አቋርጦ ወጣ። ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። አሁን ጠይቁ። አበበ ከመውጣቱ በፊት እየሮጠ ነበር፤ ታዲያ ሮጧል? አዎ፣ በሚገባ። በዚያው ሰዓት 42 ኪሎ ሜትሩን እየሮጠ ነበር፤ 42 ኪሎ ሜትሩን ሮጧል? አልሮጠም። «እየ…ነበር» እውነት ሆኖ «…ኣል»ም እውነት ከሆነ ሂደት ነው። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ካልተከተለ ክንውን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «በሜክሲኮው ማራቶን ሮጧል» ካላችሁ እውነት ይሆንባችኋል። «በ» ውድድሩን ቦታ ብቻ አደረገችው። ፈተናው ላይ «ጨረሰ»ንም አትጨምሩ፤ «ጨረሰ» መጨረሻውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ፈተናውን ለግሡ ይሠራለታል።

ምልክት፦ ተሳቢም ጨምሬ ሁለቱንም ፈተና አለፈ

አጎቴ ግንበኛ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት ሠራ» ብንል ትክክል ነው፤ ሙያው ነው። «በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ሠራ» ብንልም ትክክል ነው፤ የራሱን ቤት። «ቤት ሠራ» ታዲያ የቱ ነው?

ሁለቱም ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቤትና ብዙ ቤቶችን ሳይለይ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛው ፈተና እዚያ ላይ ይቆማል። የእኛ «ቤት» ግን ምንም ሳይጨመርበት አንድም ብዙም፣ ሙያም ሊሆን ይችላል። «ጠጅ ጠጣ»ም እንዲሁ መጠኑን አይናገርም። «አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣ» ሲባል ግን ብርሌው ባዶ ሲሆን መጠጣቱ ያልቃል። መፍትሄው አጭር ነው። ስትፈትኑ ስሙን ባዶውን አትተዉት። ወይ ቁጥር ስጡት፣ ወይ «ቤቱን» በሉት።

«እሺ፣ ‹-ን› ካለ ክንውን ነው» ብላችሁ እንዳትዘጉት። «ጋሪውን ገፋ»ን እዩት። ጋሪው የታወቀ ነው፣ «-ን»ም አለ፤ ግን «አንድ ሰዓት ሙሉ ጋሪውን ገፋ» ይባላል፣ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋሪውን ገፋ» ግን አይጥምም። ምክንያቱ ጋሪው በመገፋት አያልቅም። ብርሌው ግማሽ ሲሆን መጠጣቱም ግማሽ ሆኗል፤ ጋሪው ግን ቢገፋም ያው ጋሪ ነው። ስለዚህ «ግማሹ ተደርጓል?» ብላችሁ ጠይቁ። «የደብዳቤው ግማሽ ተጽፏል» ትርጉም ይሰጣል። «የጋሪው ግማሽ ተገፍቷል» ያስቃል። «ጋሪውን እስከ ገበያ ገፋ» ካላችሁ ግን መንገዱ ግማሽ ስላለው ክንውን ይሆናል።

«መጽሐፉን ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበ»ስ? ይባላል። ግን ሰሚው «አልጨረሰውም» ብሎ ይገምታል። እዚህ ላይ «ሙሉ» ክንውኑን አስገድዳ ወደ ሂደት መልሳዋለች። ሰሚው «አልጨረሰም» የሚል ነገር በራሱ ከጨመረ፣ መነሻው ክንውን ነው ብላችሁ መዝግቡ።

ምልክት፦ «ተኛ» ምን እንደሆነ አይታወቅም

«ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛ» ይባላል። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተኛ»ም ይባላል። ተሳቢም መድረሻም የለውም፤ ታዲያ መጨረሻውን ከየት አመጣው?

መጨረሻ አይደለም፤ መግቢያ ነው። አምስት ደቂቃው እንቅልፍ እስኪወስደው ያለው ጊዜ ነው። ስምንት ሰዓቱ ከወሰደው በኋላ ያለው ነው። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ለበሰም ከዚሁ ወገን ናቸው። የሚያጋልጣቸውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። አልጋ ላይ ያለን ሰው አሁን «ተኝቷል» እንላለን። መንገድ ላይ ያለን ሯጭ ግን «ሮጧል» አንልም፤ «እየሮጠ ነው» እንላለን። «…ኣል» ያሁኑን ሁኔታ ከገለጸ ግሡን ሁለት ቦታ መዝግቡት፤ አንዴ ለመግባቱ፣ አንዴ ለመቆየቱ። እንግሊዝኛው ውስጥ የሚዛመደውን ቃል አይታችሁ «ሂደት» ብላችሁ ካለፋችሁ ግማሹ ይጠፋችኋል።

«ሱቁን ለሁለት ሰዓት ብቻ ከፈተ»ም ዘመዱ ነው። ሁለት ሰዓቱ የሚለካው ሱቁ ክፍት ሆኖ የቆየበትን ነው እንጂ መክፈቱን አይደለም። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሱቁን ሲከፍት ነበር» ብትሉ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ይታያችኋል። ልዩነቱ እዚያው ፍንትው ይላል።

ምልክት፦ ክንውን ነው ያልኩት መጨረሻው ተካደ

«ብርጭቆውን ሰበርኩት፣ ግን አልተሰበረም» የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። «ድንቹን ቀቀልኩት፣ ግን አልበሰለም» የሚል ሰው ግን በየወጥ ቤቱ አለ። ሁለቱም መጨረሻ ያላቸው ይመስላሉ፤ ሆኖም «ሰበረ» መጨረሻውን ቃሉ ውስጥ ይዞታል፣ «ቀቀለ» ደግሞ ሰሚው እንዲገምተው ይተወዋል። «አስረዳሁት፣ ግን አልገባውም»ም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ክንውን ባላችሁት ሁሉ ላይ «ግን አል…» የሚል ጅራት ቀጥሉበት። ከተዋጠ፣ ጎኑ ላይ ምልክት አድርጉና ቀጥሎ «ውስጥ»ን ጨምራችሁ ድገሙት። «ድንቹን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀቀልኩት፣ ግን አልበሰለም።» ይህን እናቴ ፊት ብናገረው «ታዲያ ምኑን ቀቀልከው?» ትለኛለች።