ገዢና ሻጭ ያነሰበት አልትኮይን ከመግዛታችሁ በፊት ኦርደር ቡኩን እንዴት እንደምታዩ

በስክሪኑ ላይ በትልቁ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበት ነው። ገበያው በቀዘቀዘ አልትኮይን፣ ማለትም ከቢትኮይን ውጪ ባለ ክሪፕቶ ሳንቲም ላይ ያ ግብይት ከሁለት ሰዓት በፊት፣ በሃያ ዶላር ብቻ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል እናንተ በዚያ ዋጋ ላታገኙት ትችላላችሁ። ትክክለኛውን ዋጋ የሚነግራችሁ ኦርደር ቡኩ፣ ማለትም ያልተፈጸሙ የግዢና የሽያጭ ትዕዛዞች በየዋጋቸው የተደረደሩበት ደብተር ነው።

መጀመሪያ Order Book የሚለውን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የሻጮች፣ አረንጓዴው የገዢዎች ነው። ዋጋዎቹን በጥቅል የሚያሳየውን ምርጫ ወደ ትንሹ አሃዝ አውርዱት፤ አለበለዚያ ብዙ ትዕዛዞች በአንድ መስመር ተጠቃለው ክፍተቱን ይሸፍኑባችኋል። የመጠኑ ዓምድ በሳንቲም ይሁን ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ በተሠራው ሳንቲም በUSDT እንደሚቆጥርም አረጋግጡ።

ቀጥሎ ስፕሬዱን፣ ማለትም በከፍተኛው ገዢና በዝቅተኛው ሻጭ ዋጋ መካከል ያለውን ክፍተት አስሉ። ለምሳሌ ከፍተኛው ገዢ 0.0480፣ ዝቅተኛው ሻጭ 0.0500 ቢሉ ልዩነቱ 0.0020 ነው። ይህን ለመካከለኛው ዋጋ ለ0.0490 ስታካፍሉት 4.1% ገደማ ይሆናል። እኔ ከ1% ሲያልፍ መጠንቀቅ እጀምራለሁ።

ስፕሬዱ ግን የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። አሁን በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ፣ 500 USDT እንበል፣ በቀዩ በኩል መስመር በመስመር አውጡት።

- በ0.0500 ያለው 2,000 ሳንቲም፦ 100 USDT
- በ0.0510 ያለው 3,000፦ 153
- በ0.0530 ያለው 4,000፦ 212
- በቀረው 35 USDT በ0.0560፦ 625 ሳንቲም

9,625 ሳንቲም ያዛችሁ፤ አማካይ ዋጋችሁ 0.0519 ገደማ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሚያስከፍለው ግን መውጫው ነው። ያንኑ 9,625 ሳንቲም ወዲያው ለአረንጓዴው ሽጡት ብላችሁ አስሉ። 2,500 በ0.0480፣ 3,000 በ0.0465፣ 4,125 በ0.0440 ቢሄድላችሁ የሚመለሰው 441 USDT ነው። ዋጋው ሳይነቃነቅ፣ ኮሚሽን ሳይታሰብ 11.8% ሄደ።

ስሌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ደብተሩን ለአስር ደቂቃ ያህል ተመልከቱት፤ በሌላ ሰዓትም ተመለሱበት። ዋጋው ሲጠጋው ብድግ ብሎ የሚጠፋና ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና የሚታይ ትልቅ የግዢ ትዕዛዝ ካያችሁ ከስሌቱ አውጡት፤ መሸጥ ስትፈልጉ አይጠብቃችሁም። የ24 ሰዓቱ የግብይት መጠን ትልቅ ሆኖ ደብተሩ ባዶ ከሆነም ተጠራጠሩ። ያው አንድ አካል ከራሱ ጋር እየተገበያየ ቁጥሩን ሊያሳብጠው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መግባት ከፈለጋችሁ በተገኘው ዋጋ ሁሉ ወዲያው የሚገዛውን Market አትንኩ፤ በLimit ከፍ ያለውን የመግዣ ዋጋችሁን ወስኑ። ካልሞላ ዋጋ እየጨመራችሁ አታሳድዱት። ገንዘቡንም ለመጀመሪያዎቹ መስመሮች በሚበቃ ልክ ቀንሱ። በዚያው ደብተር ላይ 100 USDT ብቻ ብታስገቡ 2,000 ሳንቲም በ0.0500 ገዝታችሁ በ0.0480 ስትሸጡ 96 ይመለሳል፤ ኪሳራው ከ11.8% ወደ 4% ወረደ ማለት ነው።