ለአዲስ ጎረቤት የምትሰጥ ወረቀት

ኮንዶሚኒየማችሁ ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከማለት ጋር የውሃውን ነገር በወረቀት ጻፉለት። አዲስ ገቢን መጀመሪያ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ፈረቃውን ካላወቀ ውሃ የመጣችበት ሌሊት ተኝቶ ያልፈዋል። ከዚያ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነው፤ ልጆች ላሉት ቤት ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ! እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ነን። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ቀን ግፊቱ ደካማ ስለሆነ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ውሃ በሌለበት የከፈታችሁትን ቧንቧ ሳትዘጉ አትውጡ፤ ድንገት ሲመጣ ታች ያለውን ቤት ያጥለቀልቃል። እስክትደላደሉ ጀሪካን ካስፈለጋችሁ አንኳኩ። እሁድ ቡና እኛ ጋ ነው።»

ከታች ስልካችሁን ጨምሩ። ፈረቃ ስለሚቀያየር ቀኑን መጀመሪያ ከጥበቃው አረጋግጡ። ወረቀቱን በር ላይ አትለጥፉት፣ በእጅ ስጡ። ሳይነሳ የቆየ ወረቀት ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ለማንም አላፊ ይናገራል።