በተመጣጣኝነት ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫዎች እኩል ትክክል ሲመስሉ

በምርጫ ፈተና ላይ ሕገ መንግሥታዊ መብትን የሚገድብ ሕግ ተመጣጣኝ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ገደቡ በሕግ የተደነገገ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይመረመራሉ፤ እነሱም የሕጉ ዓላማ ተቀባይነት፣ እርምጃው ከዓላማው ጋር ያለው ምክንያታዊ ግንኙነት፣ የእርምጃው አስፈላጊነት እና በመጨረሻም በጥቅሙና በመብቱ ላይ በሚደርሰው ጉዳት መካከል ያለው ሚዛን ናቸው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ስለሆነ እዚያ ላይ እንቆያለን።

ምልክት፦ ተፈታኙ ሁለት ምርጫዎችን በቀላሉ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ «አስፈላጊ አይደለም» በሚለውና «ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል» በሚለው መካከል ያመነታና ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል።

ለምሳሌ አንድ ሕግ የሕሙማንን ዕረፍት ከጫጫታ ለመጠበቅ ሲባል ከሆስፒታል በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ማንኛውንም ሰላማዊ ሰልፍ በማንኛውም ሰዓት ይከለክላል እንበል። በዝምታ ለመሰለፍ የፈለጉ ሰዎች ሕጉን ይቃወማሉ። ጥያቄው ድምፅ ማጉያንና ጩኸትን ብቻ መከልከል ለሕሙማኑ ተመሳሳይ ጸጥታ እንደሚያስገኝ መረጋገጡን ይገልጻል። ሕጉ በየትኛው ነጥብ ላይ ይወድቃል? ሀ) በዓላማው፣ ለ) በግንኙነቱ፣ ሐ) በአስፈላጊነቱ፣ መ) በሚዛኑ።

ምክንያት፦ ሰልፍን ሙሉ በሙሉ መከልከል ከባድ ስለሚመስል አእምሯችን ፈጥኖ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ነገር ግን የአስፈላጊነት መመዘኛ የጉዳቱን ክብደት ከጥቅሙ ጋር አያነጻጽርም፤ የሚያነጻጽረው አንዱን የማስፈጸሚያ መንገድ ከሌላው መንገድ ጋር ነው።

መፍትሄ፦ በጥያቄው ውስጥ አማራጭ እርምጃ ከተጠቀሰ ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ። አማራጩ መብቱን በቀለለ ሁኔታ ይገድባልን? ዓላማውንስ በእኩል ደረጃ ያሳካልን? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ሕጉ በአስፈላጊነት ይወድቃል፤ ምርመራውም እዚያው ስለሚያበቃ ሚዛን ላይ መድረስ አያስፈልግም። ከላይ ባለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ሐ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መ በራሱ የሚያሳምን ሐሳብ ቢሆንም ተራው አልደረሰም፤ የፈተና አዘጋጆችም የሚያስቀምጡት ይህን አሳሳች ገጽታውን አውቀው ነው።

ምልክት፦ ተፈታኙ ከላይ ያለውን ከተማረ በኋላ አማራጭ እርምጃ ባየ ቁጥር ሐን ይመርጣል።

ምክንያት፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን ዘልሎታል። ከላይ ያለውን ታሪክ በጥቂቱ እንለውጠው፦ ድምፅ ማጉያ ባይኖርም የሕዝብ ብዛት ራሱ ሕሙማኑን በመጠኑ እንደሚረብሽ፣ ክልሉን ማጥበብም ሆነ ሰዓት መወሰን ይህን ረብሻ ሙሉ በሙሉ እንደማያስቀር ፍርድ ቤቱ ተቀብሏል። በሌላ በኩል በከተማዋ ሰልፍ ሊደረግበት የሚችለው ብቸኛው አደባባይ የሚገኘው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው።

መፍትሄ፦ እዚህ ላይ የቀለሉት አማራጮች ጸጥታን በእኩል ደረጃ ስለማያስገኙ ሕጉ የአስፈላጊነትን መመዘኛ ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን ነው፤ ከአማራጮቹ በላይ የሚገኘው ጥቂት ተጨማሪ ጸጥታ፣ የመሰብሰብ መብትን በከተማዋ ከሞላ ጎደል ማጥፋትን የሚያክል ዋጋ ሊያስከፍል አይገባም። መልሱ መ ነው። ስለዚህ በጥያቄው ውስጥ «በከፊል»፣ «በመጠኑ» ወይም «በተመሳሳይ ሁኔታ» የሚሉ ቃላትን መፈለግ ይጠቅማል፤ ውጤቱን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ምልክት፦ ተፈታኙ ምክንያታዊ ግንኙነትን ማንም የሚያልፈው መመዘኛ አድርጎ በመቁጠር ሳያነብ ይጥለዋል።

መፍትሄ፦ መመዘኛው በእርግጥም ቀላል ነው፤ እርምጃው ዓላማውን በጥቂቱም ቢሆን ካገዘ ይበቃል። ቢሆንም ሕግ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በኦክስ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው ለማዘዋወር እንዳልያዘው ራሱ እንዲያስረዳ የሚያስገድደውን ድንጋጌ የጣለው በዚህ ደረጃ ነበር። የዕፅ ዝውውርን መግታት በቂ ዓላማ መሆኑን ተቀብሏል፤ ሆኖም ጥቂት ዕፅ ከመያዝ ብቻ ተነስቶ የማዘዋወር ሐሳብ እንዳለ መገመት ምክንያታዊ አይደለም ብሏል።

ሦስተኛው ደረጃ በሁሉም አገር በእኩል ጥብቅነት እንደማይተረጎምም ልብ ማለት ይገባል። የካናዳ ፍርድ ቤቶች በኋላ በሰጧቸው ውሳኔዎች ሕግ አውጪው ከምክንያታዊ አማራጮች መካከል አንዱን ከመረጠ፣ ትንሽ የቀለለ ሌላ መንገድ ሊታሰብ በመቻሉ ብቻ ሕጉን አይጥሉም። ጥያቄው ይህን የመምረጥ ነጻነት በግልጽ ከጠቀሰ፣ በአማራጮቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በሆነ ጊዜ ሐን ከመምረጥ በፊት ወደ ሚዛኑ ማለፍ ይሻላል።