የግፊት ኪኒን ከጀመሩ በኋላ የመጣ ደረቅ ሳል፦ ከምን ነው፣ ምን ይደረግ፣ መቼ ይነገር

ፋርማሲ ውስጥ ስሰራ በጣም ቶሎ ቶሎ የምሰማት ነገር አለች፣ "ያለፈው ሽሮፕ አልሰራልኝም፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ"። ድሮ ሌላ ሽሮፕ አውርጄ እሰጥ ነበር፣ አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሽሮፑን ሳይሆን "ሌላ የሚወስዱት መድሃኒት አለ?" ነው። ብዙ ሰው "የለም" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ "እ፣ የግፊት ብቻ" ይላል። የግፊቱን እንደ መድሃኒት የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፣ በየቀኑ ስለሚዋጥ ተረስቷል።

ችግሩ ምን ይመስላል

ሳሉ ደረቅ ነው፣ አክታ የለውም ወይ ደግሞ ለስሙ ያህል ነው ያለው። ጉሮሮ ውስጥ ላባ የገባ ይመስል ይኮረኩራል፣ ስታስለው ለደቂቃ ይተውህና እንደገና ይጀምራል። ትኩሳት የለም፣ የሰውነት መቆረጣጠም የለም፣ ጉንፋን ሲይዝ የሚመጣው ነገር ሁሉ የለም። ማታ ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ስልክ ሲያወሩ ወይ ሲስቁ ይቀሰቀሳል። አንዳንድ ሴቶች ሲያስሉ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ ይሄን ግን ማንም ቀድሞ አይናገርም፣ ካልተጠየቀ።

ምክንያቱ

የኪኒንህን ካርቶን አንሳና የንግድ ስሙን ትተህ ከስሩ በትንሹ የተጻፈውን ስም እየው። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ ፔሪንዶፕሪል፣ ባጭሩ መጨረሻው "ፕሪል" ከሆነ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ሁለት መድሃኒት ባንድ ኪኒን ተቀላቅሎ የሚመጣም አለ፣ ስለዚ ሁለቱንም ስም አንብብ፣ አንደኛው "ፕሪል" ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መድሃኒቶች ግፊት የሚቀንሱት ሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ዘግተው ነው። ኢንዛይሙ የደም ስር የሚያጠብ ነገር ይሰራል፣ ስለዚህ ሲዘጋ የደም ስር ዘና ይላል፣ ግፊት ይወርዳል። ችግሩ ይሄ ኢንዛይም ሁለተኛ ስራም አለው፣ ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሰባብራል። የሚሰባብረው ሲጠፋ ብራዲካይኒኑ በአየር ቧንቧ አካባቢ ይጠራቀማል፣ የሳል ነርቮቹን ያስቆጣል። ሳንባ አልታመመም፣ ኢንፌክሽን የለም፣ ነርቩ ብቻ ነው የሚነካካው። አንቲባዮቲክ የማይሰራው ለዚህ ነው፣ ሽሮፑም ቢሆን የረባ ነገር አያደርግም።

ከሚወስዱት 10 ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል ብለህ ብታስብ ከእውነቱ አትርቅም፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። የዶዝ ጉዳይ አይደለም፣ ግማሽ ኪኒን መዋጥ አያድንም። ከአንዱ "ፕሪል" ወደ ሌላው "ፕሪል" መቀየርም እንደዛው፣ ሁሉም ያንኑ ኢንዛይም ነው የሚዘጉት።

ሰውን የሚያሳስተው ጊዜው ነው። ሳሉ በመጀመሪያው ቀን ሊመጣ ይችላል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ከወራት በኋላ። "ኪኒኑን ሁለት ወር ስውጠው ምንም አላረገኝም፣ አሁን ምን አመጣው" ማለት ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን ትክክል አይደለም።

አንድ ኬዝ በዝርዝር

ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ አንድ እናት ነበሩ። ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም ተጀመረላቸው፣ በሁለት ሳምንቱ ግፊታቸው ስላልወረደ 10 ሆነ፣ ግፊቱም ተስተካከለ። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ሳል ጀመራቸው። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለው ታገሱ፣ ከዛ ሽሮፕ፣ ከዛ አሞክሳሲሊን ለ7 ቀን፣ ከዛ "ጨጓራ ወደ ላይ እየመለሰ ሊሆን ይችላል" ተብሎ ኦሜፕራዞል። እኔ ጋ ሲመጡ ሳሉ ሁለት ወር አልፎት ነበር፣ ራጅም ተነስተው የአክታ ምርመራም ሰጥተው ሁለቱም ንጹህ ነበር። ቦርሳቸው ውስጥ አራት አይነት መድሃኒት፣ ሶስቱ የመጀመሪያው ላመጣው ነገር የተሰጡ! ይሄ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ የመድሃኒት ጉዳት አዲስ በሽታ መስሎ ይታይና በላዩ ላይ ሌላ መድሃኒት ይደረብበታል።

እኔ ያረኩት ነገር ቀላል ነው፣ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን አስጻፍኳቸው፣ ኪኒኑ የተጀመረበትንና ሳሉ የጀመረበትን። ሳሉ ከኪኒኑ በፊት የነበረ ቢሆን ኖሮ ኪኒኑን አልጠረጥረውም ነበር። ከዛ ሳሉን ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ አክታና ትኩሳት መኖሩን፣ ክብደት መቀነሱን ጠየኳቸው፣ የለም አሉ። በራሴ ግን ኪኒኑን አላስቆምኩም፣ ያዘዘላቸው ሀኪም ጋ ያቺን ወረቀት ይዘው በዛው ሳምንት እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

ሀኪሙ ኢናላፕሪሉን አቁሞ ሎሳርታን 50 ሚሊግራም ጻፈላቸው። ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንዴሳርታን፣ መጨረሻቸው "ሳርታን" የሆኑት፣ ግፊቱን በሌላ በኩል ነው የሚይዙት፣ ብራዲካይኒኑን አያጠራቅሙም፣ ስለዚ በነሱ ሳል መያዝ መድሃኒት ካልወሰደ ሰው ብዙም አይለይም። አምሎዲፒን ወይም ሌላም ሊመርጥ ይችል ነበር፣ እሱ እንደ ሰውየው ነው። (አምሎዲፒን ደግሞ የራሱ አመል አለው፣ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ እዛም ላይ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን መደረብ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፣ ታሪኩ ያው ነው።) አንድ ነገር፣ እርግዝና ካለ ወይ ከታሰበ "ፕሪል"ም "ሳርታን"ም አይሆኑም፣ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳሉ ምንም አልቀነሰም። ደውለው "ልጄ፣ ኪኒኑ አልነበረም መሰለኝ" አሉኝ። ይሄ ቦታ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሽሮፕ የሚመለሰው። ከተቆመ በኋላ ሳሉ ለመጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንድ ሰው ላይ እስከ 3 ወር ድረስ ሊንገታገት ይችላል። እሳቸው በአስረኛው ቀን ገደማ ማታ መተኛት ጀመሩ፣ በሶስተኛው ሳምንት ጠፋ። ኦሜፕራዞሉም ቆመ። ግፊታቸው በአዲሱ ኪኒን መያዙ በሁለት ሳምንቱ ተለካ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራም ተሰራ፣ "ሳርታን"ም ቢሆን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል።

ኪኒኑን ራስህ አታቁም የምለው ለምንድነው

ሳሉ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ኪኒኑን ግን ሳትናገር ብታቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ያውም ምንም ሳይሰማህ። ደግሞ "ፕሪል" ለግፊት ብቻ አይሰጥም፣ ለልብ ድካም፣ ከድንገተኛ የልብ ህመም በኋላ፣ ስኳር ኖሮበት ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ለሚወጣ ሰውም ይሰጣል፣ እነሱ ጋ ምትክ ሳይኖር ማቆም አደጋ አለው። ስለዚ ለሳል ከሆነ ጥቂት ቀን ውስጥ ሀኪም ጋ መሄድ ወይም መደወል በቂ ነው፣ እስከዛ እየዋጡ።

ጊዜ የማይሰጥ ነገር ግን አለ። ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይ ጉሮሮ ካበጠ፣ ድምፅ ከተዘጋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ያኔ ኪኒኑ ወዲያው ይቆማል፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፣ ማደር የለም። ያው ብራዲካይኒን ነው በሌላ መልኩ የመጣው፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው ግን አየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል። የሚያሳክክ ሽፍታ ላይኖረው ይችላል፣ የአለርጂ ኪኒን ውጦ መጠበቅም አያስተማምንም። የሚገርመው ደግሞ ኪኒኑን ለአመታት በሰላም የወሰደ ሰውም ላይ ሊመጣ ይችላል፣ "ለምጄዋለሁ" አይሰራም።

ሳሉ ራሱ ኪኒኑ ላይሆን የሚችልበትም አለ። ደም ያለው አክታ፣ የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ወይም ከሁለት ሳምንት ያለፈ አክታ ያለው ሳል ካለ ቲቢ መታየት አለበት፣ "ፕሪል ነው" ብሎ መዝጋት አይቻልም። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ እግር ካበጠ፣ ትራስ ደራርበህ ካልሆነ ካልተኛህ ልብ መታየት አለበት፣ እሱም በዛው ቀን። ኪኒኑ ከተቀየረ ሶስት ወር ሆኖት ሳሉ ያው ከሆነም እንደገና ከመጀመሪያ መፈለግ ነው።

ለማን፣ ምን ብለህ ትናገራለህ

ሀኪም ጋ ስትሄድ "ያስለኛል" ብቻ ካልክ ለሳል መድሃኒት ይዘህ ትመለሳለህ። "ኢናላፕሪል በዚህ ቀን ጀመርኩ፣ በዚህ ቀን ሳል ጀመረኝ፣ ይሄን ይሄን ወስጄ አልተሻለኝም" በል፣ ካርቶኑንም ይዘህ ሂድ፣ ያለ ሀኪም የገዛኸውንና ባህላዊውንም ጨምር።

ከሀኪሙ ሌላ ብዙ አገር የመድሃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ይቀበላል፣ ሀኪም ወይም ፋርማሲስት ሊልክልህ ይችላል፣ ብዙ ቦታ በሽተኛውም ራሱ ይችላል። ሪፖርቱ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፣ ማን ላይ ደረሰ (እድሜና ጾታ ይበቃል)፣ ምን መድሃኒት፣ ምን ሆነ፣ ማን ነው የሚያሳውቀው። ካርቶኑ ላይ ያለው የባች ቁጥር ቢጨመር ደግሞ ጥሩ ነው። እርግጠኛ መሆን አይጠበቅብህም፣ መጠርጠር ይበቃል። የታወቀ ደረቅ ሳል ብዙ ቦታ ባይላክም ምንም አይደል፣ እብጠት፣ ሆስፒታል ያስተኛ ነገር፣ ወይም ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያልተጻፈ አዲስ ምልክት ግን መላክ አለበት።

የመጨረሻው ስራ ካርድ ላይ ማስጻፍ ነው፣ እሱም በትክክል። ሳል ብቻ ከነበረ "ኢናላፕሪል፣ ሳል አመጣበት" ተብሎ ይጻፍ፣ "አለርጂ" አይባል። እብጠት ከነበረ ግን "ማንኛውም ፕሪል ፈጽሞ አይሰጥ" ተብሎ ነው፣ ያን ጊዜ "ሳርታን"ም ቢሆን ሀኪም አስቦበት ነው የሚሰጠው። እኚያ እናት ስልካቸው ላይ ልጃቸው ጽፋላቸው ነበር፣ ከአመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሌላ ቦታ ሄደው ራሚፕሪል ሊጻፍላቸው ሲል አሳይተው በዛው ተቀየረ።