ደብረ ብርሃን ላይ ዘይት ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱቅ ገብተን ዘይት ስንጠይቅ ባለሱቁ ሦስት አራት ዓይነት ጄሪካን ይደረድርልናል። ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ጠቅላላ ዋጋው ላይ ነው። ብራችን የሚባክነውም እዚሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማስያ ብቻ ናቸው፤ በእናንተ ሱቅ ዋጋ ተኳቸው።

ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል ብሎ ማመን

ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ባለ 5 ሊትሩ 1,450 ብር፣ ባለ 3 ሊትሩ 840 ብር ነው እንበል። ስልካችሁን አውጡና ዋጋውን በሊትሩ ቁጥር አካፍሉ። የትልቁ ሊትር 290 ብር፣ የትንሹ 280 ብር ይወጣል። ትንሹ ዋጋ ሳይጨምር የገባ ዕቃ ከሆነ እንዲህ ያጋጥማል። የሁለቱንም ዋጋ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ሊትርንና ኪሎን አንድ አድርጎ ማየት

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንዱ ጄሪካን ላይ ሊትር ይጻፋል፣ ሌላው ላይ ኪሎ። ዘይት ደግሞ ከውሃ ይቀላል፤ 1 ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው።

ከባለ 5 ሊትሩ አጠገብ 4.5 ኪሎ የሚል ሌላ ምርት በ1,400 ብር አለ እንበል። 1,400ን ለ4.5 ስናካፍል 311 ብር ይመጣል። «311 ከ290 ይበልጣል፣ ይሄ ውድ ነው» ብለን እንተወዋለን። ግን 311 የኪሎ ዋጋ ነው፣ 290 የሊትር። የኪሎውን ዋጋ በ0.92 አባዙት፤ ሊትሩ 286 ብር ገደማ ይሆናል። ውድ ያልነው ጄሪካን በሊትር 4 ብር ረከሰ ማለት ነው።

የጄሪካኑ ቁመት አያታልላችሁ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብቡ።

የሚረጋውን ከፈሳሹ ጋር ማወዳደር

የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት ነው፤ ከሱፍ ዘይት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ ይረጋል እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ግን ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ፓልምን ከፓልም፣ ሱፍን ከሱፍ አወዳድሩ።

የባጃጁን መርሳት

ባለ 3 ሊትሩን የሚሸጠው ሱቅ ራቅ ያለ ነው እንበል። በሊትር 10 ብር ቢቀንስም ለ3 ሊትር ያተረፋችሁት 30 ብር ነው። የባጃጅ ደርሶ መልሱ 40 ብር ከሆነ 10 ብር ከስራችኋል። ሁለት ጄሪካን ከገዛችሁ ግን 60 ብር ታተርፋላችሁ፤ የባጃጁ ተቀንሶ 20 ብር ይተርፋል። ወይ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ግዙ፣ ወይ በዚያ በኩል ስታልፉ ያዙት።